«ሁለት ነጥቡማ አለ!»

የዛሬው ረዘም ይላል፤ ቡና ይዛችሁ አንብቡት። በተለይ ዘመሮ ያስተማርኳችሁ ልጆች፣ ይኼ ለእናንተ ነው። በወር ውስጥ ከአስር ያላነሰ የስህተት ፎቶ በቴሌግራም የምትልኩልኝ እናንተ ናችሁና። አልተቀየምኩም፤ ላኩ። ግን ስለ አላላኩ አንድ ጠብ አለኝ፤ ዛሬ ላውጣው።

ጠቡ ይኼ ነው። ኮምፒውተሩ ወይም ስልኩ ስህተት ነው ብሎ የጻፈውን ነገር ለሚያስተካክልላችሁ ሰው ስትልኩ፣ ጽሑፉን ራሱን ኮፒ አድርጋችሁ ላኩ። ስክሪንሾቱን ከጎኑ ጨምሩበት፣ ደግ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ስክሪኑን እያዩ በእጅ መልሶ መተየብ ነው። «ምን ለውጥ አለው? ያው ነው!» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ያው እንዳልሆነ ያስተማረኝ የራሳችን ፊደል ነው። እንግሊዝኛ ብቻ የሚጽፍ ሰው ይኼን ልዩነት ሳያየው ዕድሜውን ሊጨርስ ይችላል፤ እኛ ግን በየቀኑ እንረግጠዋለን።

አንድ የድሮ ተማሪዬ አለ። አሁን ራሱም አስተማሪ ሆኗል፣ እዚያው ዘመሮ ነው ያለው። ማታ ማታ ፓይተን እየተማረ ነው። የክፍሉን ዝርዝር ሰጥቶት ሴቱንና ወንዱን ለይቶ የሚቆጥርለት ትንሽ ፕሮግራም ሊጽፍ ፈለገ። አንድ ማታ ደወለልኝ።

«ቲቸር፣ ይቅርታ በማታ፤ እምቢ አለኝ።»

«ምን አለህ?»

«ስህተት ነው አለኝ። ፎቶ ልኬልዎታለሁ።»

ፎቶውን ከፈትኩ። የላፕቶፑን ስክሪን በስልክ ያነሳው ነው። ስክሪን በካሜራ ሲነሳ የሚመጣው ያ የተጠማዘዘ መስመር ሞልቶታል፣ አምፖሉም መሃሉ ላይ ያበራል። ቴሌግራም ደግሞ ፎቶን በፎቶነቱ ስትልኩት ጨምቆ ነው የሚያሳልፈው፤ ስለዚህ ደቃቁ ጽሑፍ ጭራሽ ሟሙቷል። ከዚያ ውስጥ ያነበብኩት ይኼን ነበር፤ አንድ ትንሽ የስህተት መስኮት፣ ውስጡ `invalid character`፣ ከዚያ በጥቅስ ውስጥ ሁለት ነጥብ፣ ከዚያ በቅንፍ የሆነ ቁጥር። ቁጥሩ አልነበበልኝም። ከመስኮቱ ጀርባ የኮዱ አንድ መስመር ይታያል፤ `if` ብሎ ይጀምርና መጨረሻው ላይ ሁለት ነጥብ አለው።

ፓይተን የማታውቁ ወዳጆቼ እንዳይከፋችሁ፤ ለዚህ ታሪክ ማወቅ ያለባችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው። በፓይተን `if` የሚል መስመር ሲያልቅ የግድ ሁለት ነጥብ ይደረግበታል። ካልተደረገ አይሠራም። የጀማሪ ሁሉ የመጀመሪያ ስህተትም እሱን መርሳት ነው። እኔም እንደ ልማዴ ወደዚያው ሄድኩ።

«ሁለት ነጥቡን አድርገሃል?»

«ሁለት ነጥቡማ አለ! ይታያል እኮ ፎቶው ላይ።»

እውነቱን ነው፣ ይታያል። «እንግዲያው ሌላ መስመር ላይ ይሆናል» አልኩና ሌላ ሌላውን ሳስፈትሸው አመሸን። ጥቅሱ ተዘግቷል ወይ? ክፍተቱ እኩል ነው ወይ? ፋይሉ ተቀምጧል ወይ? ሁሉም ደህና ነው። በሁለተኛው ማታ «እስቲ ስህተቱን እንዳለ ጻፍልኝ» አልኩት። ታዛዥ ልጅ ነው፣ ስክሪኑን እያየ በስልኩ ጻፈልኝ፦

```
invalid character ':'
```

ይኼን ሳይ የባሰ ግራ ገባኝ። ፓይተን ሁለት ነጥብን «የማይሆን ምልክት» ሊለው አይችልም፤ ራሱ የግድ የሚጠይቀውን ነገር! በቅንፍ የነበረውን ቁጥር ለምን እንደተወው ስጠይቀው «ቁጥሩ ምን ያደርግልዎታል ብዬ ነው» አለኝ።

ሦስተኛው ማታ ላይ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። IDLE የሚባለው የፓይተን መጻፊያ ዊንዶውስ ላይ ስህተቱን የሚያወጣው በተለመደው የዊንዶውስ የመልእክት መስኮት ነው፤ ያ `OK` የሚል ቁልፍ ያለው። ያን መስኮት በማውዝ መምረጥ አይቻልም፤ ጽሑፉን ልጎትት ብትሉ አይነካም። ብዙ ሰው ፎቶ የሚያነሳውም ለዚህ ነው። ነገር ግን መስኮቱ ከፊት እያለ ምንም ሳትመርጡ `Ctrl+C` ብትጫኑ ውስጡ ያለው ጽሑፍ ሙሉ በሙሉ ኮፒ ይሆናል። ይኼን የማያውቅ የኮምፒውተር ባለሙያ ራሱ ብዙ አጋጥሞኛል። ልጁ እንደነገርኩት አደረገና ፔስት አደረገልኝ፦

```
---------------------------
SyntaxError
---------------------------
invalid character '፡' (U+1361)
---------------------------
OK
---------------------------
```

አለቀ። ሦስት ማታ የፈጀው ነገር በአንድ ትንፋሽ አለቀ። መልሱ «ምን ያደርጋል» የተባለው ቁጥር ውስጥ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ «ሁለት ነጥብ» የምንለው አንድ ነገር አይደለም፣ ሁለት ነው። አንደኛው የግዕዙ ነው፤ አባቶቻችን በቃልና በቃል መካከል ሲያደርጉት የኖሩት፣ ዛሬም በብራናና በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት የምናየው `፡`። ሁለተኛው የእንግሊዝኛው ነው፣ `:`። በአማርኛ ስማቸው አንድ፣ ለዓይንም አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን እንደ ሀ እና እንደ ፐ የተራራቁ ፊደላት ናቸው። ዓለም ሁሉ በሚጠቀምበት ዩኒኮድ በሚባለው የፊደል መዝገብ ውስጥ የግዕዙ ቁጥር `U+1361` ነው፤ የእንግሊዝኛው `U+003A`። ፓይተን የሚያውቀው ሁለተኛውን ብቻ ነው።

ልጁስ እንዴት የግዕዙን ጻፈ? ኮዱን አይታችሁ ፍረዱ፦

```
girls = 0
for s in ["ሴት", "ወንድ", "ሴት"]:
    if s == "ሴት"፡
        girls = girls + 1
print(girls)
```

ሁለተኛው መስመር ላይ ያለው ሁለት ነጥብ ደህና ነው። ሦስተኛው ላይ «ሴት» ብሎ በአማርኛ ጻፈ፣ ጥቅሱን ዘጋ፣ ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ ሳይመልስ ያችኑ የሁለት ነጥብ ቁልፍ ተጫነ። የአማርኛ መጻፊያው ደግሞ ሥራውን ሠራ፤ የግዕዙን ሰጠው። ጣቱ አልተሳሳተም፣ ዓይኑም አልተሳሳተም። ለዚህ ነው «ሁለት ነጥቡማ አለ!» ሲል ውሸት ያልነበረው።

አሁን ሦስቱን አላላክ አስተያዩ። ፎቶው ቅርጹን አምጥቶልኛል፤ ቅርጹ ግን ለሁለቱም አንድ ነው። በእጅ የጻፈልኝ ደግሞ ከፎቶውም ይብሳል። ስልኩ በእንግሊዝኛ ስለነበር ጥፋተኛውን `፡` አውጥቶ ንጹሑን `:` ተክቶልኛል፤ ማስረጃውን ሳያውቅ ቀየረው ማለት ነው። እኔ ሦስት ማታ የፈለግኩት ስህተት እኔ ዘንድ ሲደርስ ታርሞ ነበር። ኮፒ የተደረገው ብቻ ነው ፊደሉን ራሱን፣ ከነቁጥሩ ያመጣው።

አንድ ነገር ግን በሐቅ ልናገር። ኮፒ የተደረገውንም ቢሆን በዓይኔ ሳየው `፡` እና `:` ያው ናቸው። የጽሑፉ ጥቅም የኔን ዓይን ስለሚያሳምረው አይደለም፤ ከዓይኔ ውጭ ሌላ ዳኛ እንድጠራ ስለሚፈቅድልኝ ነው። ከፎቶ ላይ ፊደሉን አንስቼ ማስመርመር አልችልም። ከጽሑፍ ላይ ግን እችላለሁ። ወርድ ውስጥ ፔስት አድርጌ ጠቋሚውን ከምልክቱ ቀጥሎ አቆምና `Alt+X` ስጫን ቁጥሩን ያወጣልኛል። ፓይተንን ብጠይቀውም እንዲሁ ነው፤ `hex(ord("፡"))` ስለው `'0x1361'` ይለኛል። «ስልኬ ከፎቶ ላይ ጽሑፍ ያወጣል እኮ» የምትሉ አላችሁ። ያወጣል፤ ግን የሚያወጣው ቅርጹን አይቶ በግምት ነው። እኔን ያሳሳተ ቅርጽ እሱንም ያሳስተዋል።

ልጁ እዚህ ላይ ዕድለኛ ነበር፤ የፓይተኑ እትም አዲስ ነበር። የቆዩት እትሞች `invalid character in identifier` ብለው ብቻ ያልፉ ነበር፤ የትኛው ፊደል እንደሆነ አይናገሩም። ስሙንና ቁጥሩን መጥራት የጀመሩት ከ3.9 ወዲህ ነው። የጻፉት ሰዎች ያን ቁጥር በቅንፍ ያስገቡት ለጌጥ አይደለም። ስለዚህ በስህተት መልእክት ውስጥ ያለ ቁጥር ሁሉ፣ ምንም የማይገባችሁ ቢሆንም፣ አይቀነስም።

እስካሁን ለጽሑፍ ጥብቅና ቆምኩ። አሁን ደግሞ ለስክሪንሾቱ ልቁም፤ እሱም አንዴ አሳፍሮኛልና።

ከዚሁ አካባቢ ሌላ ልጅ፣ የቀን ሠራተኞችን ሰዓት በኤክሴል የምትይዝ፣ ጻፈችልኝ። የገቡበትና የወጡበት ሰዓት አለ፣ ቀጥሎ `=C2-B2` የሚል ቀመር አለ። ይኼን ክርክር ከኔ ሰምታ ስለነበር ትምህርቷን በደንብ ይዛ ነው የመጣችው። ኮፒ አድርጋ እንዲህ ብላ ላከችልኝ፦

```
2:30   6:15   3:45
2፡30   6:15   #VALUE!
2:40   6:15   3:35
2፡30   6፡15   #VALUE!
```

እኔ ከሁለት ነጥብ ጋር ያን ሁሉ ማታ ታግዬ፣ በዚህ ጊዜ ግን አላየሁትም! ዓይኔ ሄዶ ያረፈው `#VALUE!` ላይ ነው። ቀመሩን ጠየቅኳት፣ የሰዓቱን አቀማመጥ ጠየቅኳት፣ የኤክሴሉን እትም ጠየቅኳት። መጨረሻ ላይ ሰልችቷት ስክሪንሾት ላከች። ገና እንደከፈትኩት ሳቄ መጣ። ደህናዎቹ ሰዓቶች በክፍላቸው ውስጥ ወደ ቀኝ ተጠግተዋል፤ ሦስቱ ግን ወደ ግራ ተለጥፈዋል።

ኤክሴል ቁጥርንና ሰዓትን ወደ ቀኝ፣ ተራ ጽሑፍን ወደ ግራ ያስጠጋል፤ ማንም ካልነካው በስተቀር። ወደ ግራ የተለጠፈ ሰዓት ማለት ኤክሴል ሰዓት መሆኑን አላወቀውም፣ እንደ ስም ነው የያዘው ማለት ነው። ከስም ላይ ስም አይቀነስም፤ ስለዚህ `#VALUE!`። ምክንያቱም ያው የፈረደበት የግዕዝ ሁለት ነጥብ ነው። ኮፒ ሲደረግ ፊደሉ መጥቷል፣ አሰላለፉ ግን ጠፍቷል። ለዓይን የተሰጠው ምልክት ምስሉ ላይ ብቻ ነበር።

ማረጋገጥ ለሚፈልግ `=UNICODE(MID(TEXT(B3,"h:mm"),2,1))` የሚለውን ባዶ ክፍል ላይ ይጻፍ። 58 ካለ የእንግሊዝኛው ነው፤ 4961 ካለ የግዕዙ ነው። (4961 ማለት ያው 1361 ነው፣ በሌላ አቆጣጠር ተጽፎ።) ማስተካከያው ቀላል ነው። ከአንዱ ክፍል ላይ `፡` ን ኮፒ አድርጎ በ`Ctrl+H` ሁሉንም በ`:` መተካት ነው፤ ወዲያው ወደ ቀኝ ዘለው ይሰለፋሉ። እሷ ግን ክፍሎቹን ሁሉ አስቀድማ መሃል ላይ አሰልፋቸው ቢሆን ኖሮ ስክሪንሾቱም አፉን ይዘጋ ነበር። አሰላለፍ አሳምሩ አትበሉ እንጂ፣ ሰዓት የሚያዝበትን ክፍል ለጌጥ ብላችሁ መሃል ባታደርጉት እመርጣለሁ።

ስክሪንሾት ከነጭራሹ የግድ የሚሆንበትም አለ። «አማርኛው ሳጥን ሳጥን ሆነብኝ» የሚለውን ስሞታ ውሰዱ። ደብዳቤውን ከፍተዋል፣ በፊደሉ ቦታ ባዶ ሳጥን ተደርድሯል። ይኼን ኮፒ አድርጋችሁ ብትልኩልኝ እኔ ዘንድ ጥርት ያለ አማርኛ ሆኖ ይደርሳል፤ «ምን ችግር አለው?» ብዬ እመልስላችኋለሁ። እናንተ ደግሞ አሾፈብኝ ትላላችሁ። ጽሑፉ ደህና ነው፣ የጎደለው እናንተ ኮምፒውተር ላይ ያለው የፊደል ቅርጽ ነው፤ ፎንት የምንለው። ይኼን በምስል ካልሆነ ማየት አልችልም።

ሁለቱም አብረው ሲመጡ ደግሞ ምርመራው ራሱ ያልቃል። ምስሉ ሳጥን፣ ኮፒው አማርኛ ከሆነ፣ ችግሩ ፎንት ነው፣ አትደንግጡ፤ የተጻፈው አልጠፋም። ምስሉም ኮፒውም `????` ከሆነ ግን ክፉ ነው። አንዱ ፕሮግራም ፊደላችንን ሳያውቀው በጥያቄ ምልክት ተክቶ አስቀምጦታል፤ ፎንት ብትጭኑም አይመለስም፣ ዋናው ቅጂ የት እንዳለ ነው መፈለግ ያለበት። ምስሉ ጥሩ አማርኛ፣ ኮፒው የተዘበራረቀ የእንግሊዝኛ ፊደል ከሆነ ደግሞ፣ በድሮው ዘመን ፎንት የተጻፈ ነው። ያኔ የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ሳይመዘገብ (የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው) የእንግሊዝኛው ፊደል ላይ የአማርኛ ቅርጽ አልብሰው ነበር የሚሠሩት። ልብሱ ሲወልቅ እንግሊዝኛው ይታያል። በየመሥሪያ ቤቱ የቆዩ ፋይሎች ውስጥ ዛሬም ይኼ አለ።

«እሺ፣ ገባን፤ ግን እንዴት አድርገን ኮፒ እንላክ?» ትሉኛላችሁ። ይኼ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ስታነሱት ቆይታችኋል፣ እኔም ብዙ ጊዜ ሳልመልስ አልፌዋለሁ። ከተማ ተቀምጦ «ኮፒ አድርጋችሁ ላኩ» ማለት ቀላል ነው። ዘመሮ ላይ ግን ስህተቱ ያለው ላፕቶፑ ላይ ነው፤ ኢንተርኔት ያለው ስልኩ ላይ ነው። በመካከላቸው ድልድይ የለም። ስለዚህ ሰው ስልኩን አንስቶ ፎቶ ያነሳል። ስንፍና አይደለም፤ ያለው አቋራጭ መንገድ ያ ስለሆነ ነው።

ድልድዩ ግን አለ፣ ሁለት ዓይነት። ስልኩ ዳታ ካለው ሆትስፖት ከፍቶ ላፕቶፑን በሱ ማገናኘትና ቴሌግራምን ላፕቶፑ ላይ መክፈት ነው። ዳታ ይበላል ብላችሁ የምትሰጉ፣ ላፕቶፑ በዚያው አጋጣሚ ዝመናውን ማውረድ እንዳይጀምር ግንኙነቱን `Metered connection` በሚለው ላይ አድርጉት። መልእክቱ ራሱማ ምን ይበላል? ከላይ ያያችሁት ያ መስኮት ሙሉው ተገልብጦ ከ200 ባይት በታች ነው። መካከለኛ ፎቶ 200 ኪሎባይት ቢሆን እንኳ የዚያን ሺህ እጥፍ ነው። ኔትወርኩ አንድ መስመር ብቻ በሚያሳይበት ማታ ፎቶው ሲሽከረከር ያድራል፤ ጽሑፉ ሾልኮ ይሄዳል። ሁለተኛው ድልድይ ኢንተርኔትም አይፈልግም። ጽሑፉን ኖትፓድ ላይ ፔስት አድርጎ ማስቀመጥ፣ ፋይሉን በገመድ ወይም በብሉቱዝ ወደ ስልክ ማሻገር፣ ከዚያ ፋይሉን መላክ። ስታስቀምጡት ታች `Encoding` የሚለው ላይ `UTF-8` መሆኑን እዩ። `ANSI` ከሆነ አማርኛው ያው የጥያቄ ምልክት ይሆንባችኋል፤ እንደገና ማስረጃ ጠፋ።

ፎቶ ብቻ የሚያስኬድበትም ጊዜ አለ። ዊንዶውስ ሰማያዊ ሆኖ ሲቆም፣ ወይም ኮምፒውተሩ ገና ሲነሳ ጥቁር ላይ ሲጽፍ፣ ኮፒ የሚባል ነገር የለም። ያኔ በስልክ አንሱ፤ ግን አምፖሉን አጥፉ፣ ፊት ለፊት ቁሙ፣ ስክሪኑን ከጫፍ እስከ ጫፍ አስገቡ፣ ቴሌግራም ላይም በፎቶነት ሳይሆን `File` በሚለው በኩል ላኩት፤ እንደዚያ ሲላክ አይጨመቅም።

ዳታ ጭራሽ በሌለበት ቀንስ? አይተነዋል። በክልላችን ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ዳታ ተቋርጦ በቆየባቸው ወራት ፎቶ ወዴትም አይሄድም ነበር። የነበረን ድምፅና የጽሑፍ መልእክት ነው። ያኔ በእጅ መተየብ ግድ ነበር፤ «በእጅ አትተይቡ» ያልኩትን ለእንዲህ ያለ ቀን አነሳዋለሁ። አጭር የጽሑፍ መልእክት በእንግሊዝኛ ብቻ ሲሆን 160 ፊደል ይይዛል፤ አንዲት የግዕዝ ፊደል ከገባችበት ግን ወደ 70 ይወርዳል። `invalid character '፡' (U+1361)` የሚለው ሰላሳ ፊደል ነው፤ በሁለቱም ይበቃል። በእጅ ስትጽፉ ምልክቱን ብትስቱት እንኳ `U+1361` የሚለውን በትክክል ከጻፋችሁ እኔ ከዚያ አነሳዋለሁ። ታሪኩን ማሳጠር ትችላላችሁ፣ «ከሰዓት በኋላ ጀምሮ እምቢ አለኝ» የሚለውንም መተው ትችላላችሁ። ቁጥሩን ግን አደራ!

አንድ ሌላ ነገር ልጨምርና ላብቃ፤ ይኼኛው ከስህተቱ ይልቅ እናንተን የሚመለከት ነው። ስክሪንሾት ያልጠየቅኩትንም ይዞ ይመጣል። የተማሪ ስምና ውጤት፣ ከላይ ብቅ ያለ የባንክ መልእክት ከነቀሪ ሒሳቡ፣ ከጎን የተከፈተ የሰው ወሬ። ስንት ጊዜ ሳላይ እንዳየሁ ሆኜ፣ አይቼም እንዳላየሁ ሆኜ አልፌአለሁ መሰላችሁ! አምስት መቶ ሰው ያለበት ግሩፕ ላይ ስትለጥፉት ደግሞ እንደኔ የሚያልፍ አይደለም ያለው። ኮፒ ስታደርጉ የመረጣችሁትን ብቻ ነው የምትልኩት። ከመላካችሁ በፊት ግን እሱንም አንብቡት፤ አልፎ አልፎ የስህተት መልእክት ውስጥ የይለፍ ቃል ተጽፎ አይቻለሁ።

ለኔም ጥቅም አለው፣ አልደብቅም። ጽሑፍ ከላካችሁልኝ ቴሌግራሜ ላይ `1361` ብዬ ስፈልግ ያለፈው ዓመት መልሴ ብቅ ይላል፤ እሱኑ እልክላችኋለሁ። ፎቶ ውስጥ ያለ ጽሑፍ ግን በፍለጋ አይገኝም፤ ስለዚህ ለአንዱ ያስረዳሁትን ለሌላው ከ«ሀ» እጀምራለሁ።

ያ ልጅ ትናንት ማታ እንደገና ጻፈልኝ። በዚህ ጊዜ ስልክ አልደወለም፣ ፎቶም የለም። በቴሌግራም ሦስት ጊዜ የግራ ጭረት ምልክት አድርጎ፣ በኮድ ሳጥን ውስጥ፣ ክፍተቱም ሳይበላሽ ስህተቱ እንዳለ ተቀምጧል፤ ስክሪንሾቱም በፋይል ተያይዟል። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «ቲቸር፣ ይኼኛው ሁለት ነጥብ አይደለም። አረጋግጫለሁ፣ 58 ነው።»

መስመር 14 ላይ ቅንፍ አልዘጋም ነበር።